አብሮ መውጣት ትስስር አይደለም

«የነቀምቴና የአዲስ አበባ በቆሎ ዋጋ ኮሪሌሽን 0.95 ነው። ስለዚህ ገበያዎቹ በረጅም ጊዜ የተሳሰሩ ናቸው።»

ይሄ ቁጥር ብቻውን ያን አያሳይም። የዋጋ ንረት ሁሉንም ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ የማይገናኙ ዋጋዎችም እንዲህ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ዩኒት ሩት እንዳላቸው፣ ማለትም ወደ ቋሚ አማካይ እንደማይመለሱ ካረጋገጥክ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሪግሬስ አድርግና ሪግሬሽኑ ያላብራራውን ቀሪ ፈትሽ። ቀሪው ወደ አማካዩ የሚመለስ ከሆነ ኮኢንተግሬሽን፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ትስስር አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቀሪው ራሱ የተገመተ ስለሆነ፣ የተለመደው የዲኪ-ፉለር የዩኒት ሩት ፈተና ወሰን (-2.86) አይሠራም። የፈተናው ውጤት በ5% ደረጃ ከ-3.34 ገደማ በታች መውረድ አለበት።

ዋጋዎቹ ከትስስሩ ሲዛነፉ የሚመለሱበትን ፍጥነት የሚነግርህ የስህተት ማረሚያ ሞዴሉ ነው። በወርሃዊ ዳታ የአዲስ አበባ ማስተካከያ -0.25፣ የነቀምቴ ደግሞ ዜሮ ወጣ እንበል። የምትከተለው አዲስ አበባ ናት፤ ከመዛነፉ ሩቡን በየወሩ ታርማለች። ግማሹ እስኪጠፋ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል።