የልብስ ሳሙናና እንዶድ በማሽን፦ ክርክር

ጠያቂዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ
«ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ከሮቶ ነው የምንጠቀመው። የማሽን ዱቄት ዋጋው ከበደኝ። የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ ወይም እንዶድ ፈጭቼ ብጨምር ማሽኔን ይጎዳዋል? አራት ሳሙና ገዝቼ አስቀምጫለሁ።»

እማወራዋ፣ ከኮዬ ፈጬ
አይጎዳውም እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠብኩት በዚሁ ነው። ግማሽ ሳሙና ፈቅፍቄ በፈላ ውሃ አሟሟለሁ፤ አንድ ማንኪያ ሶዳ አሽ ጨምሬ ሳማስለው እንደ አጥሚት ይወፍራል። ለአንድ ዙር አንድ የቡና ሲኒ ይበቃኛል፤ አንሶላዬም ነጭ ነው። እንዶዱማ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ አይደለምን?

ጠጋኙ፣ ከገላን
እህቴ፣ የአንሶላዎ ንጣት አላጠራጠረኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ዓይን የማያየው ቦታ ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛ «ያጥባል ግን አይጨምቅም» ብለው ማሽን አመጡልኝ። ከአንድ ዓመት በላይ በተፈቀፈቀ ሳሙና ሲያጥቡበት ቆይተዋል። ፓምፑ ደህና ነው፤ ውሃውም ወጥቷል። ከከበሮው ሥር ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ስፈታው ግን እንደ ሞራ የሚያዳልጥ አመድማ ዝቃጭ ተጋግሮበት ቀዳዳው ተጋምሷል። ይኸው ዝቃጭ የውሃውን መጠን ወደሚለካው መሣሪያ የምትሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦም ደፍኗታል። የታፈነው አየር መሣሪያውን ስለሚጫነው ማሽኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ውሃ እንደሞላው ይቆጥራል፤ ውሃ እያለ ደግሞ በኃይል ተሽከርክሮ አይጨምቅም። እዚያ ቤት ማሽኑ ሊጣል ነበር፤ የዳነው ሁለት ቱቦ በሙቅ ውሃ በማጽዳት ነው።

ዝቃጩ የሚፈጠረው የሳሙናው ስብ ከውሃው ኖራ ጋር ሲጣበቅ ነው፤ ያ ከሆነ በኋላ ውሃ አያሟሟውም። በእጅ ስናጥብ ሦስት አራት ጊዜ በብዙ ውሃ እናለቀልቃለን። ማሽኑ ግን ውሃ ቆጣቢ ነው፤ ብዙዎቻችንም በቀዝቃዛ ነው የምናጥበው።

እማወራዋ
ሶዳውን የምጨምረው ለዚህ አይደል እንዴ? ኖራውን ይይዝልኛል። መጨረሻ ላይም አቼቶ ጠብ አደርጋለሁ። ደግሞ በዱቄት ብቻ የሚያጥቡ ሰዎች ማሽንም ሲገማ አይቻለሁ።

ጠጋኙ
የመጨረሻው እውነት ነው፤ ዱቄት አብዝቶ በቀዝቃዛ ማጠብም ዝቃጭ ይተዋል። የእጅ ዱቄት ደግሞ አረፋው ስለሚበዛ ፓምፑ ውሃውን መሳብ ያቅተዋል። ሶዳውም ይረዳል፤ የያዘው ኖራ ግን ነጭ ብናኝ ሆኖ እዚያው ይቀራል እንጂ አይጠፋም። አቼቶው ላይ ግን አልስማማም። ሳሙና ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ወደ ስብነቱ ይመለሳል፤ እርስዎ ያጠፋሁት ሲሉ ስብ እየቀቡት ነው። የበሩን ላስቲክ እጥፋት ገልጠው በጣትዎ ይዳብሱት። የሚያዳልጥና ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ከሆነ ከከበሮው ጀርባም ያው ነው። እዚያ ከበሮውን የሚሸከመው ባለ ሦስት ክንድ አሉሚኒየም እርጥብ ዝቃጭ ተለጥፎበት ሲኖር ይበላል።

እማወራዋ
ላስቲኩን ዳሰስኩት። ያዳልጣል፤ ይህን አልክድም። ክንዱ ግን በሳሙና ብቻ እንደሚበላ አላሳመኑኝም።

ጠጋኙ
በሳሙና ብቻ አላልኩም፤ በዱቄት ያጠቡት ላይም አይቻለሁ። ማሽኑን አጥፍተው ከበሮውን በእጅዎ ወደ ላይ ያንሱት፤ ተላቅቆ የሚንኳኳ ከሆነ ክንዱ ወይም ኩሽኔታው ደክሟል።

ጠያቂዋ ውሃዋን እንዲህ ትፈትሽ። የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን ከሮቶው ውሃ ትሙላ፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የሳሙናዋን ፍቅፋቂ ጨምራ በደንብ ትነቅንቀው። አረፋው ቆሞ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ሳሙናው በውሃዋ ይሠራል። አረፋው ጠፍቶ ውሃው ከደፈረሰና እንደ አይብ የተቆራረሰ ነገር ከተንሳፈፈ፣ ያ ነገር ነው ቱቦው ውስጥ የሚጋገረው።

ጠያቂዋ
አሁን ሞከርኩት። እንደ አይብ ሆነ። ማንቆርቆሪያዬም ውስጡ ነጭ ቅርፊት አለው። አራቱን ሳሙና ምን ላድርጋቸው?

ጠጋኙ
ለአንገትጌና ለእጅጌ በእጅዎ ያሹባቸው፤ አለቅልቀው ወደ ማሽኑ ያስገቡ። የማሽን ዱቄቱን ማሸጊያው ላይ ለውሃዎ በተጻፈው መጠን ያድርጉ። በወር አንድ ጊዜ ልብስ ሳያስገቡ በዚያው ዱቄት በ60 ዲግሪ ያዙሩት። ቀድሞ የተጋገረውን ግን ይህ ሙሉ በሙሉ አያነሣውም፤ ቱቦው መፈታት አለበት።

እማወራዋ
እንዶዱስ? እሱ ከኖራ ጋር እንዲህ አይረጋም። እኔ በጠርሙስ ሞክሬዋለሁ፤ አረፋው አልጠፋም።

ጠጋኙ
በዚህ ትክክል ነዎት፤ እንዶድ እንደ ሳሙና አይረጋም። ግን አረፋው ያው ብዙ ነው፤ ፍሬውና ልጣጩም የፓምፑ ማጣሪያ ላይ ይሰበሰባል። የቅባት እድፍም አይችልም። በእንዶድ ብቻ የታጠበበት ማሽን ከፍቼ ስለማላውቅ ቱቦውን ይደፍናል ብዬ አልምልም።

እማወራዋ
እንግዲያው ሳሙናውን ትቼ፣ እንዶዱን ቀቅዬ በነጠላ ቁራጭ አጣርቼ እቀጥላለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ መጥተው ይክፈቱትና አብረን እንየው።