እጥፍ ሆነ የተባለው ዶላር

«ዶላር እጥፍ ሆነ አሉ፤ እናንተማ ተመቻችሁ!»

የአጎቴ ልጅ ነው ከአዲስ አበባ ደውሎ እንዲህ ያለኝ። እኔ ቨርጂኒያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ወረፋ ይዣለሁ። ዙሪያዬን አየሁ። ዶላር ዛሬ በስንት እንደተመነዘረ ግድ ያለው ሰው የለም። እኛ አገር ግን ቡና የምታፈላዋ ልጅም ሳትቀር «ዛሬ ስንት ገባ?» ትላለች።

እውነቱን ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ባንክ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። እኔ ግን በባንክ አልልክም ነበር። «ሰውዬው» ነበረን፤ በ115 የሚመነዝር። ለእናቴ በወር 200 ዶላር ስሰጠው 23,000 ብር ያደርስላታል። ከጥቂት ወራት በኋላ የባንኩ ዋጋ 120 አካባቢ ሲደርስ ያው 200 ዶላር 24,000 ሆነ። የ1,000 ብር ጭማሪ! እጥፉን ያገኘው በባንክ ሲልክ የኖረው ሕግ አክባሪ ነው።

የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ግን ሌላ ነው። መድኃኒት ዶላር ሲከፋፈል ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዕቃዎች አንዱ ስለነበር በባንክ ዋጋ ይገባ ነበር። ስለዚህ በርካሽ ዶላር የገባው ዕቃ ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ። በጥቁር ገበያ ዶላር የመጣው ጫማ ግን ድሮም በ115 ሂሳብ ነበር የሚሸጠው።

መርካቶ መለዋወጫ የሚያስመጣ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ቀረጡን ረሳኸው» አለኝ። ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ቢያገኝም ጉምሩክ የሚያሰላው በባንኩ ምንዛሪ ነበር። በ20,000 ዶላር ዕቃ ላይ ቀረጥና ታክሱ 40 በመቶ ቢሆን 8,000 ዶላር ነው። በ57 ሲመታ 456,000 ብር፣ በ120 ግን 960,000። ዕቃው ያው፣ ኮንቴይነሩ ያው። ያም ሆኖ ባንክ ደጅ ኤልሲ የሚባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና ለወራት መጠበቁ መቅለሉን አልካደም።

ላኪዎችስ? ድሮ ቡና በኪሳራ ልኮ፣ ባገኛት ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ኪሳራውን የሚያካክስ ነጋዴ ሞልቶ ነበር። አሁን ቡናው ራሱ በብር ሲመነዘር ያዋጣል። ታዲያ ገበሬውም ዜናውን ይሰማልና ዋጋ ይጨምራል፤ ልክ ነው።

ደግሞ «ብር መቶ በመቶ ወደቀ» የሚሉ አሉ። መቶ በመቶ ቢወድቅማ ዜሮ ነበር! ከ57 ወደ 120 ሲሄድ ዶላር በ110 በመቶ ጨመረ፤ ብር ግን ከዋጋው ያጣው 52 በመቶ ገደማ ነው።

ለእማዬ አሁን 260 ዶላር ነው የምልከው፤ በባንክ። ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ደግሞ ደወለ። «ዛሬ ስንት ገባ?» አለኝ። ባንኩ ከእሱ ቤት ፊት ለፊት ነው።