ትሬንዱን ብቻ ጻፉ ማለት ምን ማለት ነው?

«ስካን ከተደረጉ ሪፖርቶች የሚወጣው የዳታ ማጠቃለያ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥ፤ ዋናውን ትሬንድ ብቻ ጻፉ፣ ማሳሰቢያ አንባቢን ያደናግራል፣ ቻርቱ እንደሆነ ራሱ ይናገራል።»

ሰሞኑን የወረደልን መመሪያ ይሄ ነው። ማጠሩ ላይ ጠብ የለኝም፣ ሰው ረጅም ነገር አያነብም። ግን «ቻርቱ ራሱ ይናገራል» የሚለውን የጻፈው ሰው አንድም ቀን ስካን የተደረገ ቻርት ፊት ቁጭ ብሎ ቁጥር አውጥቶ አያውቅም ብዬ እወራረዳለሁ።

እንግዲህ አንድ ባር ቻርት እንውሰድ። በየዓመቱ የታከሙ ሰዎች ብዛት በሺህ፣ አምስት ባር፣ ባሮቹ ላይ ቁጥር አልተጻፈም፣ ሰንጠረዡም የለም፣ ያለው ስካኑ ብቻ ነው። በዓይን ስታዩት አራተኛው ባር የመጀመሪያውን ሰባት እጥፍ ያክላል። ችኩል ጸሐፊ «በከፍተኛ ሁኔታ አሻቀበ» ብሎ ይገላገላል። አሁን የጎኑን መስመር እዩት፣ ከ0 አይደለም የሚጀምረው፣ ከ80 ነው! የ80 መስመር ከምስሉ አናት 900ኛው ፒክስል ላይ ነው፣ የ100 ደግሞ 300ኛው ላይ፣ ስለዚህ 600 ፒክስል ለ20 ሲካፈል ለአንዱ ሺህ ሰው 30 ፒክስል ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ባር ጫፍ 840 ላይ ነው፣ ከታች 60 ፒክስል ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ 82 ሺህ። አራተኛው 480 ላይ ነው፣ 420 ፒክስል፣ 94 ሺህ። ስዕሉ ሰባት እጥፍ እያለ የሚጮኸው ነገር በቁጥር 15 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ ቻርቱ ራሱ ተናገረ? ተናገረ፣ ውሸት ተናገረ። «መስመሩ ከ80 ይጀምራል» የምትለዋ አጭር ሐረግ ናት እንግዲህ አንባቢን የምታደናግረው!

ይሄም አልበቃም። ወረቀቱ ስካነሩ ላይ ትንሽ ዘመም ብሎ ከተቀመጠ፣ አንድ ዲግሪ ብቻ፣ ከግራው መስመር 1000 ፒክስል ርቆ ያለ ባር 17 ፒክስል ያህል ይወጣል ወይ ይወርዳል፣ ያ ማለት ከግማሽ ሺህ ሰው በላይ ስህተት ነው። ምስሉን መጀመሪያ ማቃናት አለባችሁ፣ ካልሆነም ከባሩ አጠገብ ካሉት አግድም መስመሮች መለካት ነው። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም የባሩ ጠርዝ ራሱ ደብዛዛ ስለሆነ «94,030 ሰዎች» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው፣ «94 ሺህ ገደማ፣ ከቻርቱ የተነበበ» ነው የሚባለው።

የኔን ደም የሚያፈላው ግን አምስተኛው ባር ነው። 88 ሺህ አካባቢ ላይ ቆሟል፣ ትሬንድ ብቻ የሚጽፍ ሰው «ከዚያም ቀነሰ» ብሎ ይዘጋዋል። ከዓመቱ ጎን ግን ስካኑ ላይ ቆሻሻ የምትመስል ነጥብ አለች፣ አጉልታችሁ ስታዩዋት ኮከብ ናት፣ ገጹ ግርጌ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ጊዜያዊ አሃዝ፣ ሁሉም ጣቢያዎች ገና አላሳወቁም» ይላል። ቀነሰ ማለት አይቻልማ! ያልመጣ ሪፖርት ነው እንጂ ያልመጣ ታካሚ መሆኑን በምን አወቅን? ይሄን ቆርጦ የሚያወጣ ሰው እያሳጠረ አይደለም፣ የሌለ ዜና እየፈጠረ ነው።

«ስካኑ እኮ ራሱ ዋናው ሰነድ ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪሴል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ 6ን በ8 እየተኩ መሆኑን አሳይቷል፣ ምስሉን የሚጨምቀው ዘዴ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ማለት ነው። ደብዛዛ ቢሆን እኮ ሰው ይጠራጠር ነበር፣ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ነው የተሳሳተው። ስለዚህ የጎን መስመሩ ላይ 80፣ 85፣ 96፣ 95 የሚል ካያችሁ እርምጃው እኩል አለመሆኑን ልብ በሉና 96ቷ 90 መሆን እንዳለባት ጻፉ፣ ዝም ብላችሁ አትቅዱ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «የታካሚዎች ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ዓመት ከ82 ወደ 94 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 15 በመቶ ያህል ጨምሯል (ከስካን የተነበበ ግምት፤ የቻርቱ መስመር ከ80 ስለሚጀምር ልዩነቱ ገዝፎ ይታያል)። የአምስተኛው ዓመት 88 ሺህ ጊዜያዊ ስለሆነ ቅናሽ ነው ማለት አይቻልም።» ይኸው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መመሪያው ባለው ልክ። እስቲ ከዚህ ላይ የሚወጣውን አሳዩኝ።