ጭሳችን አይጥፋብን

የሐዋሳ ሰው የአየርን ዋጋ ያውቃል። ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ "እፎይ፣ እንዴት ያለ ንፋስ ነው!" እያለ ይውላል። ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ይገባና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንድ፣ ቢምቢ ይገባል። ሁለት፣ ብርድ ይመታል። በዚያ ሙቀት ብርድ እንዴት እንደሚመታ እናቱን የጠየቀ ልጅ ካለ መልሱን እስከ ዛሬ እየሰማ ነው።

መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ነው ጥበቡ የሚጀምረው። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ይበተናል። እንግዳው ገና ከበር ላይ "ቤታችሁ እንዴት ደስ ይላል!" ይላል። ቤቱን አይቶ ሳይሆን አሽትቶ ነው የሚናገረው፤ አምፖሉ እንኳ በጭሱ ውስጥ እንደ ጨረቃ ደብዝዟል።

ዕጣን አልጠላም። ቡና ያለ ዕጣን ለኔም አይሆንልኝም። የማደንቀው የመስኮቱን መዘጋት ነው። ሦስት በአራት የሆነች፣ ጣሪያዋ 2.5 ሜትር ከፍ ያለች ሳሎን እንያዝ። 30 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። የእንጨት ዕጣን በቤተ ሙከራ ሲለካ ከ1 ግራም 45 ሚሊ ግራም ያህል ደቃቅ ብናኝ አውጥቷል፤ ሲጋራ ከ1 ግራም ያወጣው 10 ገደማ ነው። የኛ ዕጣን ሙጫ ስለሆነ እንራራለትና 20 ብቻ እንበል። በዚች ሳሎን 1 ግራም ሲጨስ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 667 ማይክሮ ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የደቃቅ ብናኝ ወሰን በ24 ሰዓት አማካይ 15 ነው። እኛ ደግሞ አንድ ግራም ላይ ቆመን አናውቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ በየመሃሉ "ኧረ ዕጣኑ አለቀ፣ ጨምሩበት" የሚል አክስት አለ።

ቁም ነገሩ ግን ብናኙ መኖሩ ብቻ አይደለም፣ መቆየቱም ነው። በራፍና መስኮቱ በደንብ በተዘጋ ቤት አየሩ አንዴ ለመቀየር ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። አዲሱ አየር ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚወጣ፣ በዚህ አካሄድ ያ 667 ወደ 15 እስኪወርድ ከሰባት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ከፍተን አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ ቢቀየር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሽታው የቀረ መስሎን አፍንጫችን ከለመደው በኋላ ሳንባችን እስከ እኩለ ሌሊት በረካውን ይጠጣል። መስኮት መክፈት ነጻ ስለሆነ ይሆናል የማንወደው።

ከዕጣኑ ስር ያለውን ከሰል ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? ከሰል ሲነድድ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ አይታይምም። ከቡናው በኋላ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ሲያመው፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምረውና ውጪ ሲወጣ ሲሻለው እኛ ምን እንላለን? "ቡናው ከብዶ ነው።" ወይም "የሰው ዐይን ነው።" ከሰሉን የሚጠረጥር የለም፤ ስንት እንግዳ ያስተናገደ ከሰል!

መብራት ሲጠፋ ሻማ ይገባል። ሻማ በአንጻሩ ጨዋ ነው። እሳቱ ካልተንቀጠቀጠና ክሩ ካልረዘመ ብዙ ጥላሸት አይሰጥም። እኛ ግን ክሩን አንቆርጥም። ሊያጠፋው የሚመጣም "እፍ!" ብሎ ነው፤ ትልቁ ጭስ የሚወጣውም ያኔ ነው። በክዳን አፍኖ ማጥፋት ስልጣኔ ይመስለናል መሰለኝ፣ አልደፈርነውም።

ዋናው ባለሙያ ገና አልመጣም። ክብ፣ አረንጓዴ፣ ተጠቅልሎ የተኛ፣ በቆርቆሮ ማቆሚያው ላይ ተሰክቶ ከአልጋ ስር የሚገባው የቢምቢ ማባረሪያ። ጫፉ ይለኮሳል፣ ይቀላል፣ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ለስምንት ሰዓት ያህል ይነድዳል። ጠዋት አመዱ ወለሉ ላይ ክብ እንደሠራ ይገኛል፤ ቤተሰቡም "እንዴት ደህና አደርን" ይባባላል፣ በሳል መሃል።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ያህል፦ ቢምቢዋን የሚያደነዝዛት ፓይሬትሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ከጥቅልሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው። የቀረው የእንጨት ዱቄት፣ የኮኮናት ቅርፊት ዱቄት፣ ማጣበቂያና ቀለም ነው። መድኃኒቱ ከቀላው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሙቀቱ በደረሰበት ቦታ ተንኖ ይወጣል። ጭሱ የሚመጣው ከሚነድደው እንጨት ነው። ማለትም ቢምቢዋን የሚያባርረው አንድ በመቶው ሲሆን ዘጠና ዘጠኙን የምንተነፍሰው እኛ ነን። እንዲህ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል በየትኛው እድር ይገኛል?

በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከቻይናና ከማሌዥያ ገበያ የተወሰዱ ጥቅልሎችን አቃጥሎ ለካ። አንዱ ጥቅልል ሙሉ በሙሉ ሲነድድ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ያህል ሆነ። በቤቱ ሲጋራ የሚያጨስ እንግዳ ቢመጣ "ልጆች አሉ፣ ውጪ ሂድልን" የሚል አባወራ ይህንን ማታ ማታ ከልጆቹ ራስ ስር ራሱ ይለኩሳል፣ በፍቅር። በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላም "ሳል ያዛቸው፣ ብርድ ነው" ብሎ ፍራሹን ወደ ግድግዳ ያስጠጋል። ሳሉ ብርድ ይሁን ጭስ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ማታ ብቻ የሚመጣ፣ ልጁ አያቱ ጋ አድሮ ሲመለስ የሚጠፋ፣ ጥቅልሉ በተለኮሰ ቁጥር የሚነሳ ከሆነ ብርዱን ይቅርታ መጠየቅ ነው።

"ታዲያ ወባ ይብላን?" ይላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሐይቅ ዳር ላይ ወባ ቀልድ አይደለም። ጥቅልሉ ግን የመንከስን ቁጥር ቢቀንስም ወባን ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም። ማስረጃ ያለው አጎበሩ ነው። አጎበር ደግሞ በየቤቱ አለ። አንዳንዱ ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ላይ ለመጪው እንግዳ ተቀምጧል፤ ሌላው ጓሮ ወርዶ ሰላጣውን ከዶሮ ይጠብቃል። ሰላጣው በወባ ታሞ አያውቅም። አጎበር አይጨስም፣ አይሸትም፣ ሥራ ላይ ነው ብሎ ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር የለውም። ለዚህ ነው የተናቀው።

የጎረቤታችን ጋሼ ዘመናዊ ናቸው። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ያለ ጭስ መድኃኒቱን ብቻ የሚያተን ገዙ። በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ ሠራ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ቢምቢ እንኳ አላየሁም። ግን ጭስ የለውም፣ ምኑን አምነዋለሁ? ለማንኛውም ብዬ አጠገቡ አንድ ጥቅልል ለኩሼበታለሁ።"