ሰይጣን ሳይታሰር

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆም ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ። እየሮጠ የሚወርደው ጎረምሳ የጆሮ ማዳመጫውን እንኳ ሳያወልቅ «አሜን እማማ፣ ሰላም ነው?» ብሏቸው እብስ አለ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

ይህን ሰላምታ ሁለት ሰው ነው የሚጨርሰው። ተቀባዩ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ይላል። ጀማሪው «አሰሮ ለሰይጣን» ሲል «አግዐዞ ለአዳም» ይባላል። «ሰላም» ሲል «እምይእዜሰ»፣ «ኮነ» ሲል ደግሞ «ፍሥሐ ወሰላም»። እስከ ጰራቅሊጦስ እንዲህ ነው። መጀመሪያው ላይ «አሜን» ብለህ ከሮጥክ ሰይጣን ሳይታሰር፣ አዳምም ነጻ ሳይወጣ፣ እማማን ደረጃ ላይ ገትረሃቸው ሄድክ ማለት ነው።

ግዕዙ ጠፋህ? ምንም አይደል። ቆም በል፣ ጎንበስ በልና «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት» በላቸው። የቀረውን ራሳቸው በምርቃት ይሞሉታል። የከፋቸው የጎረምሳው ፊት ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት በጣም ስለምወደው ቦታው ባልሆነም እጠቀመዋለሁ። ቤተሰቤ ሰልችቶታል።

ተረቱን ያስወደደኝ አንድ አማቻችን ነው። ዶሮ ወጥ አቅርቦ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ነው። እሱስ ይሁን። በየበዓሉ የሚልክልኝ መልእክት ግን አንጀቴን ያቃጥለዋል። «ክቡር ዶክተር፣ እንኳን አደረሰዎት!» እኔ ዶክተር አይደለሁም። ለአንድ ዶክተር የጻፈውን ነው ለሁላችንም የሚበትነው። አንዴ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ለዶክተሩም አደርሳለሁ» ብዬ መለስኩለት። አውራ ጣት ላከልኝ። አውራ ጣት! የበዓል ሰላምታ ውል መሰለው እንዴ፣ በጣት የሚፈረም? የሰው ስም ለመቀየር ጊዜ ያጣ ሰው ባይልክስ? ማን ለመነው?

ስለ ደረጃው ነበር የጀመርኩት። ብቻ መልስ የሚያውቅ ሰው ማየት የፈለገ የሰፈራችንን ባለሱቅ ይይ። ቁርኣን «አን-ኒሳእ» ላይ ሰላም ስትባሉ በበለጠው ወይም በእኩያው መልሱ ይላል። እሱ የሚመርጠው የበለጠውን ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ያለው ደንበኛ «ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ»ን ሙሉውን ያገኛል። ሰልፍ ኖረም አልኖረም ምንም አይቆርጥም። በፋሲካ እኔን «እንኳን አደረሳችሁ» ሲለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ፤ በኢድ ደግሞ ቀድሜው «ኢድ ሙባረክ» ለማለት እሽቀዳደማለሁ። ይህን ሁሉ የሚለው ስኳር እየመዘነ ነው። ሚዛኑም አይጎድልም።