ሥጋው ለድሃ ይሰጥ ነበር

«ገቢው ለድሆች የሚውል ሎተሪስ? እሱም ሐራም ነው?»

አዎ ነው ወንድሜ። ከእስልምና በፊት ዐረቦች «መይሲር» የሚሉት ቁማር ነበራቸው። ግመል በዱቤ ገዝተው ያርዳሉ፤ ከዚያ በ10 ቀስቶች ዕጣ ይጥላሉ። 7ቱ ድርሻ አላቸው፣ 3ቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣባቸው የግመሉን ዋጋ ይከፍላሉ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚሉት አሸናፊዎቹ ሥጋውን ለድሆች ይሰጡት ነበር። አል-በቀራህ 219 ጥቅም እንዳለው ያነሳዋል፤ ኃጢአቱ ግን ይበልጣል ይላል። አል-ማኢዳህ 90 እና 91 ደግሞ ጭራሽ ከለከለው፤ ጠላትነትን ያመጣል፣ ከሶላትም ያዘናጋል።

ዕጣ መጣሉ ራሱ ችግር የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ ከባለቤቶቻቸው ማን አብራቸው እንደምትሄድ በዕጣ ይለዩ ነበር። እቁባችንንም እይ። 10 ሰው በየወሩ 1000 ብር ቢጥል ሁሉም በየተራው 10,000 ብር ይወስዳል። ዕጣው የሚለየው ተራውን ብቻ ነው፤ የጣለውን የሚያጣ የለም። በሎተሪ ግን ትኬት ገዝተው ካልወጣላቸው ሰዎች ኪስ የወጣው ብር ነው ለባለዕድሉ የሚደርሰው። ከገቢው ላይ ለድሃ መቁረጡ ይህን አይለውጠውም። የግመሉ ሥጋም አልለወጠውም።