መድኅኑ ተከፍሎ መድኃኒቱ ለምን ይገዛል?

«ለእናቴ የጤና መድኅኑን በየዓመቱ እልክላታለሁ፤ ታዲያ ለምንድነው አሁንም የመድኃኒት ላክልኝ የምትለኝ?»

እናትህ አላታለሉህም። እዚህ ጀርመን ሐኪም የጻፈልንን መድኃኒት ስንገዛ የዋጋውን አሥር በመቶ እንጨምራለን፤ ከ5 ዩሮ አያንስም፣ ከ10 አይበልጥም። እናትህ ባሉበት በኢትዮጵያው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም፤ ካርዱም፣ ላቦራቶሪውም፣ አልጋውም እንደዚያው። መድኃኒቱ ሲጠፋ ግን ሙሉ ዋጋው በታማሚው ኪስ ላይ ይወድቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

የሚጠፋበት ምክንያት አለው። ጤና ጣቢያው አባላትን የሚያክመው በዱቤ ነው፤ ሂሳቡን አጠራቅሞ ለወረዳው መድኅን ያቀርባል። ሂሳቡ ተመርምሮ ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል፣ መደርደሪያውም ባዶ ይሆናል።

እንግዲህ እናትህ መንዝ ናቸው እንበል፤ ደም ግፊት አለባቸው። መድኃኒቱ ከሌለ የሐኪሙን ማዘዣ ይዘው ዝም ብለው ወደ ግል ፋርማሲ አይሂዱ። መጀመሪያ መድኃኒቱ እንደሌለ ማዘዣው ላይ ያስመቱ። ቀጥሎ ወረዳው ውል ያለው የከነማ ወይም የቀይ መስቀል ፋርማሲ እንዳለ ይጠይቁ። ገዝተው ከመጡም ወጪውን የሚተካ ወረዳ አለና ሕጋዊ ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር ያስቀምጡ። በወረቀት ቁራጭ የተጻፈ ዋጋ አይሠራም።

ሁለተኛው ወጪ የሚመጣው ከመንገድ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘለው በቀጥታ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከሄዱ ያለ ሪፈር ወረቀት እንደ ሙሉ አባል አይታዩም፤ በአሠራሩ ግማሹን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ግን ሪፈር አይጠየቅም።

መዋጮው የቤተሰብ ነው፤ ለእናትህ ብቻ ብሎ ነገር የለም። የአባልነት ደብተሩ ላይ የሰፈረ ሁሉ ይታከምበታል። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ግን ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅበታል። እዚህ ጀርመን እኮ ተማሪ ልጅ እስከ 25 ዓመቱ በወላጁ መድኅን በነፃ ይታከማል! ጀርመን መዋጮው በደሞዝ ልክ ነው፣ ግማሹንም አሠሪ ይሸፍነዋል። መንዝ ያለው ገበሬ አሠሪ የለውም፤ የሚከፍለውም በአብዛኛው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ገንዘቡን ክረምት ላይ ከላክኸው ለሌላ ነገር ይውላል፣ ደብተሩም ሳይታደስ ይቀራል። የእድሳቱን ወቅት ከቀበሌው አስጠይቅና ያኔ ላክ።

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና መድኅኑ ውስጥ የለም። የእናትህ ዓይን ከደከመ የመነጽሩን ለብቻ ላክላቸው።